የዶላር ሂሳብ ወይስ የብር ደብተር? ልጃቸውን ውጭ አገር ለማስተማር ለሚቆጥቡ የጎንደር ቤተሰቦች ዝርዝር መመሪያ

ጎንደር ውስጥ በባንክ መስኮት ጀርባ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጫለሁ። አሁን ማራኪ አካባቢ የነጋዴዎች ሂሳብ እሠራለሁ፤ የድሮ ደንበኞቼ ግን ዛሬም መንገድ ላይ ያስቆሙኛል። ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ልጄን ውጭ ልኬ ላስተምር ነው። ገንዘቡን በዶላር ላስቀምጠው ወይስ በብር?»

አንድ ቀን ይህንኑ የጠየቁኝ አንዲት የአዘዞ እናት ነበሩ። ባለቤታቸው የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ እርሳቸው ትንሽ ሱቅ አላቸው። ውጭ የሚኖር ወንድማቸው ለእህቱ ልጅ ትምህርት በየወሩ 200 ዶላር ለመላክ ቃል ገብቷል። ልጅቷ ትምህርት የምትጀምረው ከሁለት ዓመት በኋላ ነበር፤ የተመረጠው ዩኒቨርሲቲ ክፍያ በዓመት 3,600 ዶላር፣ በመንፈቀ ዓመት 1,800 ዶላር ነው። «ልጄ፣ ብሩ ወለድ አለው ይሉኛል፤ ዶላሩ ዝም ብሎ ይቀመጣል ይሉኛል። የትኛው ነው የሚሻለኝ?» አሉኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው ከእርሳቸው ጋር የሄድንበትን መንገድ ነው፤ የእናንተን ቁጥር እየተካችሁ ተከተሉት።

አንደኛ፦ ገንዘቡን በመጣበት በር ለዩት

ብዙ ሰው ሂሳቡን የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የዶላር ሂሳብ ማንም ብር ይዞ ሄዶ ዶላር ገዝቶ የሚሞላው ዕቃ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ አገር ውስጥ የሚኖር ግለሰብም የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ እንዲከፍት ፈቅዷል። ነገር ግን ሂሳቡ የሚሞላው ከውጭ በሚላክ ገንዘብ፣ በውጭ ምንዛሪ በሚከፈል ደመወዝ ወይም ኪራይ፣ እንዲሁም በመመሪያው በተዘረዘሩ ሌሎች ምንጮች ነው። ከዚህ ሂሳብ ለትምህርትና ለጉዞ የመሳሰሉ የውጭ አገልግሎቶች መክፈል ይቻላል። ከመመሪያው ለእኛ የሚያስፈልገን ይህ ነው።

ስለዚህ የአዘዞዋ እናት ቤት ሁለት ዓይነት ገንዘብ አለ። አንዱ የወንድማቸው 200 ዶላር ነው፤ እርሱ ምርጫ አለው። ሌላው ከሱቁ የሚተርፈው ብር ነው፤ እርሱ ምርጫ የለውም፣ ብር ሆኖ ይቆጠባል። የምናወዳድረው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ጥያቄውም «ዶላር ልግዛ ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «የመጣልኝን ዶላር ልመንዝረው ወይስ እንዳለ ላቆየው?» ይሆናል።

ከመንገድ ዶላር ገዝቼ ላስገባው የሚል ሰው አይጠፋም። ሕገ ወጥ ከመሆኑ በላይ ባንኩ የጥሬ ገንዘቡን ምንጭ ማስረጃ ሲጠይቅ የሚያሳዩት አይኖርም። ያኔ ዶላሩ ከፍራሽ ሥር ይቀራል፤ ከፍራሽ ሥር ደግሞ ለዩኒቨርሲቲ ክፍያ አይተላለፍም።

ልብ በሉ፣ መንገዱ አንድ አቅጣጫ ነው። ዶላሩን በፈለጋችሁ ቀን በባንኩ የግዢ ዋጋ ወደ ብር መመንዘር ትችላላችሁ። አንዴ ብር ከሆነ ግን ተመልሶ ወደዚያ ሂሳብ አይገባም። ኋላ ለትምህርት ክፍያ ሲያስፈልጋችሁ እንደማንኛውም አመልካች ማስረጃ ይዛችሁ ቀርባችሁ በመሸጫ ዋጋ ትገዙታላችሁ፤ ኮሚሽንም አለው።

ሁለተኛ፦ ቁጠባውን በብር አትቁጠሩ

እናትየው አንዲት አነስተኛ ደብተር ነበረቻቸው። በየወሩ ያለውን ብር ይጽፉባታል፤ ቁጥሩ ሲያድግ ደስ ይላቸዋል። ከሥሩ አንድ መስመር አስጨመርኳቸው፦ «ይህ ገንዘብ ዛሬ ስንት መንፈቀ ዓመት ይከፍላል?» አሠራሩ ቀላል ነው። በብር ያለውን በዕለቱ የባንክ መሸጫ ዋጋ ታካፍላላችሁ፤ በዶላር ያለውን ትደምሩበታላችሁ፤ ድምሩን ለ1,800 ታካፍላላችሁ። ውጤቱ 1.4 ከሆነ ልጅቷ አንድ መንፈቅ ሙሉ፣ የሁለተኛውን ደግሞ እኩሌታ ልትጠጋ ተከፍሎላታል ማለት ነው።

በመግዣ ዋጋ እንዳታካፍሉ። እናንተ የዚያን ቀን ገዢዎች ስለምትሆኑ ባንኩ የሚሸጥላችሁ በመሸጫው ነው። ቀላል ስህተት ይመስላል፤ ግን ደብተሩን ሁልጊዜ ከእውነቱ በላይ ያሳብጠዋል።

ይህን መስመር የጀመረ ሰው አንድ የማያስደስት ነገር ያያል፤ በብር የተቀመጠው ገንዘብ ከላይ ባለው መስመር እያደገ ከታች ባለው ሊቀንስ ይችላል።

ሦስተኛ፦ ወለዱ እስከ የትኛው ተመን እንደሚያዋጣ ፈልጉ

በብር የቁጠባ ሂሳብ ላይ ብሔራዊ ባንክ ያስቀመጠው ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ነው። ከወለዱ ላይ ግብር ይቀነሳል። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለቁጠባ ወለድ የተቀመጠው 5 በመቶ ነበር፤ አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ ዛሬ ስንት እንደሚቀንሱ ቅርንጫፋችሁን ጠይቁ። በ5 በመቶ ብናሰላው እጃችሁ የሚገባው 6.65 በመቶ ነው።

ዶላር ሂሳብ ላይ የሚከፈለው ወለድ አነስተኛ ነው፤ ከባንክ ባንክም ይለያያል። እኔ ሳሰላ ዜሮ አድርጌ እይዘዋለሁ። ከተከፈለ ምርቃት ነው፤ ስሌቱ ግን በእርሱ ላይ እንዲቆም አልፈልግም።

አሁን ማወቅ የምትፈልጉት አንድ ቁጥር ነው፦ ዶላሩን ዛሬ መንዝሬ በብር ወለድ ባሳድገው፣ ከዓመት በኋላ የመሸጫ ዋጋው ስንት ቢሆን ነው ያው አንድ ዶላር ተመልሶ የሚገኝልኝ? «የመለያያ ተመን» እለዋለሁ። ለምሳሌ ባንኩ ዛሬ በ150 ይገዛል፣ በ153 ይሸጣል፣ ለውጭ ክፍያ ደግሞ 2 በመቶ ኮሚሽን ይጠይቃል እንበል። (እነዚህ ለማስረዳት የወሰድኳቸው ናቸው፤ የዕለቱን ከባንካችሁ ሰሌዳ ውሰዱ።) አንድ ዶላር 150 ብር ይሆናል፤ በዓመቱ ከነወለዱ 160 ብር ገደማ ይሞላል፤ ኮሚሽኑን ስናወጣለት 156.84 ይቀራል። በኮምፒውተር ወይም በስልክ ሠንጠረዥ ላይ ለመሥራት የግዢውን ዋጋ በመጀመሪያው ሳጥን፣ የተጣራ ወለዱን በሁለተኛው፣ የዓመቱን ብዛት በሦስተኛው፣ ኮሚሽኑን በአራተኛው አስገቡና ይህን ጻፉ፦

```
=A1*(1+A2)^A3/(1+A4)
```

በእኛ ምሳሌ `A1` 150፣ `A2` 0.0665፣ `A3` 1፣ `A4` 0.02 ነው።

እንግዲህ 156.84ን ከዛሬው መሸጫ 153 ጋር አስተያዩት። ዶላር በዓመት ውስጥ 2.5 በመቶ ብቻ ከጨመረ ብሩና ዶላሩ እኩል ናቸው፤ ከዚያ በላይ ከጨመረ ብሩ ተሸንፏል። «7 በመቶ ወለድ አለኝ» ብሎ የተዝናና ሰው በእውነት የያዘው መከላከያ ይህች 2.5 በመቶ ናት። የቀረውን ግብሩ፣ በመግዣና በመሸጫ መካከል ያለው ልዩነትና ኮሚሽኑ ተካፍለውታል።

ጠቀም ያለ ገንዘብ ያለው ሰው በጊዜ ገደብ ተቀማጭ ከ7 በመቶ የሚሻል ወለድ መደራደር ይችላል። ከሆነላችሁ በ`A2` ቦታ የተደራደራችሁትን ግብሩን ቀንሳችሁ አስገቡና የመለያያ ተመኑ የት እንደሚደርስ ተመልከቱ። ቀኑ ከዩኒቨርሲቲው የክፍያ ቀን በፊት የሚያልቅ መሆኑን ግን አረጋግጡ፤ ከጊዜው በፊት የተነሣ ተቀማጭ የተስማማችሁበትን ወለድ ያሳጣል።

አራተኛ፦ መንሸራተትና ዝላይን ለይታችሁ አስሉ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ውሳኔው ያለው እዚህ ነውና።

የብር ተመን ታሪክ ሁለት ዓይነት እርምጃ አለው። አንደኛው ቀስ እያለ የሚንሸራተትበት ነው፤ በየሳምንቱ ጥቂት ሳንቲም፣ ማንም ሳያስተውለው። ሁለተኛው ዝላይ ነው። ጥቅምት 1 ቀን 2010 አንድ ዶላር ከ23.4 ብር ገደማ ወደ 26.9 ወጣ። በዚያው ውሳኔ የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሏል፤ መስኮቱ ላይ «ወለድ ጨመረልን» ብለው ደስ ያላቸው ደንበኞች አይቻለሁ። የተጨመረው በዓመት 2 በመቶ ነበር፤ ዶላሩ ደግሞ በአንድ ሌሊት 15 በመቶ ጨምሯል። ሐምሌ 2016 ላይ የሆነው ከዚያም ይብሳል። አንድ ዶላር ከ57 ብር ከፍ ብሎ ነበር የቆየው፤ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ 100 አለፈ፤ ዓመት ሲሞላ ወደ 135 ደረሰ።

በዋዜማው 57,500 ብር፣ ማለትም የ1,000 ዶላር ያህል፣ በቁጠባ ደብተር የነበረውን ሰው አስቡት። ዓመት ሙሉ ሳይነካ ወለዱን ጨምሮ 61,300 ብር ገደማ ሆነለት። በ135 ሲመነዘር 454 ዶላር ነው። ባንኩ አላታለለውም፤ የተዋዋሉትን ወለድ እስከ ሳንቲሙ ከፍሎታል።

ወደ አዘዞዋ እናት እንመለስ። ገንዘቡ በየሦስት ወሩ 600 ዶላር ሆኖ ስምንት ጊዜ ይመጣል ብለን፣ የመጨረሻው ከመጣ ከሦስት ወር በኋላ ክፍያው ይፈጸማል አልን። በጠቅላላው 4,800 ዶላር ነው። በዶላር ሂሳብ ከተቀመጠ፣ በየዝውውሩ 20 ዶላር የመካከለኛ ባንክ ክፍያ ይቆረጣል ብንል፣ 4,640 ይቀራል። በሐዋላ መጥቶ በብር ከተከፈላቸው ደግሞ ያ 20 ዶላር አይቆረጥም፤ ለብሩ ወገን ይህን መልካም ነገር ልመስክርለት ይገባል።

ተመኑ በዓመት 5 በመቶ ብቻ ቢንሸራተት ብሩ በመጨረሻ 4,695 ዶላር ይገዛል፤ ከዶላሩ በ55 ይበልጣል። በዓመት 10 በመቶ ቢንሸራተት 4,456 ይሆናል፤ በ184 ያንሳል። በ20 በመቶ ቢሄድ 4,050 ገደማ ነው፤ የመንፈቅ ክፍያ አንድ ሦስተኛ ያህል ቀረ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በ5 በመቶ ብቻ ሲንሸራተት ቆይቶ ልክ ክፍያው ሲደርስ እንደ 2016ቱ ዓይነት ዝላይ ተመኑን እጥፍ ቢያደርገውስ? ከ2,350 ዶላር ያልበለጠ ይቀራል፤ ልጅቷ አንድ መንፈቅ ተምራ በሁለተኛው ትቆማለች።

እኔ ከነዚህ ቁጥሮች የማነበው ይህን ነው፦ ተመኑ በዝግታ ሲሄድ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ነው፤ ብሩን የመረጠ ሰው ሞኝ አይባልም። ወለድ ከመንሸራተት ጋር ትግል ይገጥማል። ከዝላይ ጋር ግን መግጠም አይችልም። የዶላር ሂሳቡ ለዚህች እናት ትርፍ የሚያመጣ ነገር አይደለም፤ በበጎው ጊዜ 55 ዶላር አስከፍሎ በክፉው ጊዜ 2,300 የሚያድን ነው። ቀኑን ማንም ስለማያውቀው፣ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ እስከሆነ ድረስ፣ በዶላር የመጣውን አትመንዝሩ እላለሁ።

ተቃራኒውም አለ። ብሩ አንዳንድ ወራት ጸንቶ ሲቆም «ዶላሩ ምን ጠቀመኝ» ብሎ ለመመንዘር የሚጣደፍ ሰው ብዙ ነው። ያኔ ደብተራችሁ ላይ ያለውን የመለያያ ተመን እዩ፤ ወሬ አትስሙ።

አምስተኛ፦ የዋጋ ንረትን በቦታው አስቀምጡት

ሰዎች የሚያነጻጽሩት አብዛኛውን ጊዜ ወለድን ከዋጋ ንረት ጋር ነው። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በ30 እንያዘው፦ 100 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ ከነወለዱ 107 ብር አለው፤ በ100 ብር ይገዛው የነበረው ዕቃ ግን 130 ገብቷል። ስለዚህ 107ቱ የሚገዛው ድሮ 82 ብር ይገዛ የነበረውን ነው። በ2017 መጨረሻ ንረቱ ወደ 14 በመቶ ወርዷል፤ ያም ቢሆን ከ7 በመቶ በላይ ነው።

ይህ ስሌት ትክክል ነው፤ ለትምህርት ክፍያው ግን የተሳሳተ መለኪያ ነው። ዩኒቨርሲቲው ጤፍ አይሸምትም። ቅዳሜ ገበያ ላይ የጤፍ ዋጋ ቢጨምር የልጅቷ 1,800 ዶላር አይጨምርም፤ የሚጨምረው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ዋጋ ሲያሻሽል ነው። እርሱን ለማወቅ ያለፉትን ሦስት ዓመታት የክፍያ ሠንጠረዥ ጠይቁ። በየዓመቱ 5 በመቶ የሚጨምር ከሆነ 1,800ው ከሁለት ዓመት በኋላ 1,985 ይሆናል፤ ዶላሩ ሳይነካ ተቀምጦ እንኳ የሚከፍለው መንፈቅ ያንሳል። ዶላር ያለ ሰው «ገንዘቤ አይበላም» ሲል እዚህ ላይ ይሳሳታል።

የአገር ውስጡ ንረት የሚነካችሁ በሌላ በኩል ነው፤ የመቆጠብ አቅማችሁን ይበላል። እናትየው ከሱቁ በወር 6,000 ብር ለማስቀመጥ አቅደው ነበር። የቤት ወጪ ሲንር መጀመሪያ የሚቆረጠው ይህ ነው፤ ቀጥሎ ዓይን የሚያርፈው ዶላሩ ላይ ነው። አንድ ታማሚ፣ አንድ ሠርግ ወይም የሱቅ ኪራይ ጭማሪ ሲመጣ «ከዶላሩ 300 እንመንዝር» ይባላል፤ የተመነዘረው አይመለስም። ስለዚህ ከዶላሩ ጎን ቢያንስ የሦስት ወር የቤት ወጪ በብር ቁጠባ ይኑራችሁ። ይህ ገንዘብ በንረት እንደሚሸረሸር እያወቃችሁ ታስቀምጡታላችሁ፤ ሥራው ማደግ አይደለም፣ ዶላሩን ከመመንዘር መጠበቅ ነው።

ከዚህ የሚተርፈውን ብር በብር ለሚከፈሉ የጉዞ ወጪዎች መድቡት፦ ፓስፖርት፣ የሰነድ ማረጋገጫ፣ የጤና ምርመራ፣ ለቪዛ ቀጠሮ አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ። እነዚህን ቀድማችሁ መክፈል ከቻላችሁ ክፈሉ፤ ከንረት ጋር ለመሮጥ ከወለድ ይልቅ ይህ ይሻላል። የአውሮፕላን ትኬት በብር ቢከፈልም ዋጋው ተመኑን ተከትሎ ስለሚወጣ እንደ ዶላር ወጪ ቁጠሩት።

ስለ እቁብም ጠይቀውኝ ነበር። ንረት ባለበት ጊዜ እቁብ ቀድሞ የደረሰው ያተርፋል፤ መጨረሻ የደረሰው ለሌሎቹ ያለ ወለድ አበድሯል። ዕጣው ቀድሞ ከወጣላችሁ ወዲያው ለትኬትና ለሰነድ አውሉት። እርሳቸው ከ20 ሰው 17ኛ ወጡ፤ ስቀው «እኔ የባንክ ቤት ሆንኩላቸው በለኛ» አሉ።

ስድስተኛ፦ ሂሳቡን ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ክፈቱ

አንድ ጊዜ ሌላ ቤተሰብ ገንዘቡ ከመጣ በኋላ ወደ እኔ መጡ። ላኪው በነባሩ የብር ሂሳብ ቁጥር ልኮት ስለነበር 1,500 ዶላሩ በዕለቱ ተመን ተመንዝሮ ብር ሆኖ ገብቶ አገኙት። ቅርንጫፉ ሊመልሰው አልቻለም፤ እኔም ከማዘን በቀር ምንም አላደረግሁም። በሐዋላ ድርጅት መስኮት የሚቀበሉትም እንዲሁ ብር ሆኖ ይደርሳቸዋል።

ስለዚህ ቅርንጫፍ ሂዳችሁ በአገር ውስጥ ነዋሪ ስም የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ክፈቱ። ሌላው አማራጭ ወንድምየው በስማቸው የዲያስፖራ ሂሳብ ከፍተው ለእህታቸው ውክልና መስጠት ነው። ይህም ይሠራል፤ ግን ሂሳቡ የወንድም ነው። መካከላቸው ቅሬታ ቢገባ ወይም እርሳቸው ላይ አንድ ነገር ቢደርስ፣ ልጅቷ ለመንፈቅ ክፍያዋ የውርስ ጉዳይ ልትጠብቅ ነው። ለትምህርት የታሰበ ገንዘብ በእናት ወይም በአባት ስም ቢሆን እመርጣለሁ።

ስትከፍቱ አራት ነገር ጠይቁ፤ መልሱንም ጻፉት፦ ምን ማስረጃ ይፈለጋል፣ ወለዱ ስንት ነው፣ ለውጭ አገር ትምህርት ክፍያ ስትልኩ ምን ያህል ይቆረጣል፣ የሚገባው ዶላር እናንተ ሳታዝዙ ወደ ብር ይመነዘራል ወይስ አይመነዘርም። አራተኛውን ሁለት ጊዜ ጠይቁ።

ለላኪው የምትሰጡት የባንኩን የስዊፍት መለያ፣ የዶላር ሂሳቡን ቁጥርና ስማችሁን ነው። ስሙ ባንክ ባለው መታወቂያ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሁን። የእኛ ስሞች በላቲን ፊደል በብዙ መንገድ ይጻፋሉ፤ `Aynalem` ተብሎ የተመዘገበ ሂሳብ ላይ `Ainalem` ተብሎ ሲላክ ገንዘቡ ለማጣራት ቆሞ ሳምንታት ይወስዳል፤ አንዳንዴም ክፍያ ተቆርጦበት ወደ ላኪው ይመለሳል።

በየወሩ አታስልኩ። ከአንድ ዝውውር ላይ 20 ዶላር የሚቆረጥ ከሆነ፣ ሃያ አራት ጊዜ መላክ 480 ዶላር ይበላል፤ በየሦስት ወሩ ቢሆን ግን 160 ብቻ ነው። ልዩነቱ 320 ዶላር ነው፤ ተመኑ በዓመት 5 ወይም 10 በመቶ ሲንሸራተት ካየነው ልዩነት የሚበልጥ። ወንድምየው እዚያው ባሉበት 200 እያስቀመጡ በየሦስት ወሩ 600 ይላኩ።

ሰባተኛ፦ የሂሳቡ ገንዘብ ከዩኒቨርሲቲው ገንዘብ ጋር አንድ ይሁን

ክፍያው በዩሮ ከሆነ ዶላር ማስቀመጥ ጉዳዩን ግማሽ ብቻ ይፈታል። ጥር 2017 አካባቢ አንድ ዩሮ 1.04 ዶላር ገደማ ነበር፤ ሰኔ መጨረሻ ላይ ወደ 1.17 ወጣ። 3,000 ዩሮ መክፈል የነበረበት ሰው በጥር 3,120 ዶላር፣ በሰኔ ግን 3,510 አስፈልጎታል። ብሩ ላይ ምንም ባይደርስ እንኳ። ባንኩ የዩሮ ሂሳብ ካለው ያንኑ ክፈቱ፤ ላኪውም በዩሮ ይላክ።

ስምንተኛ፦ ሲከፈል

ከዩኒቨርሲቲው የመቀበያ ደብዳቤና የባንክ ዝርዝር ያለበትን የክፍያ መጠየቂያ፣ የልጁን ፓስፖርት እና የማመልከቻ ደብዳቤ ይዛችሁ ቅርንጫፍ ትሄዳላችሁ። ከመጨረሻው ቀን አንድ ወር ቀደም በሉ፤ አንዳንድ ሰነድ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተልኮ ስለሚጸድቅ ከጎንደር ቅርንጫፍ በዚያው ቀን የሚያልቅ አይምሰላችሁ። ገንዘቡ በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ይላክ። የተማሪው መለያ ቁጥር በክፍያ ምክንያት ቦታ መጻፉን ራሳችሁ አንብቡ፤ ካልተጻፈ ገንዘቡ ደርሶ ባለቤት ያጣል።

ቅጹ ላይ የመላኪያ ወጪውን ማን እንደሚሸከም የሚጠይቅ ቦታ አለ። `OUR` የሚለውን ምረጡ። `SHA` ከሆነ የመካከለኛ ባንኮች ክፍያ ከሚላከው ላይ ይቀነሳል፤ 1,800 ልካችሁ 1,775 ይደርሳል፤ ዩኒቨርሲቲውም «25 ዶላር ይቀራል» ብሎ ምዝገባውን ያቆማል። 25 ዶላር ለመላክ ደግሞ ሌላ 20 ዶላር ታወጣላችሁ።

ዝውውሩ ሲያልቅ የተላከበትን የስዊፍት መልእክት ቅጂ ጠይቁ፤ ባንኩ ያትመዋል። እናትየው ያንን ወረቀት ፒያሳ ፎቶ አስነሥተው ለልጃቸው ላኩት፤ ዋናውን ደብተራቸው ውስጥ አጥፈው አስቀመጡት። ከጎኑ በእጃቸው የጻፉት «1 ተከፍሏል፤ 1.6 ይቀራል» ይላል።